ይህ ክስተት ከየትኛው ይመደባል? በውጭ አካባቢ ቅኝት ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ ለማታ ተማሪዎች የሥራ አመራር ትምህርት አስተምራለሁ። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ቀኑን ሲሠሩ ውለው የሚመጡ ናቸው፤ ከኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚመጣ አለ፣ ከባንክ መስኮት ተነሥቶ የሚመጣ አለ፣ ፒያሳ ያለች ሱቋን ዘግታ የምትመጣ አለች። የውጭ አካባቢ ቅኝት ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ስድስቱን ምክንያቶች ሁሉም በቃላቸው ይይዛሉ፦ ፖለቲካዊ፣ ኢኮኖሚያዊ፣ ማኅበራዊ፣ ቴክኖሎጂያዊ፣ ሥነ ምህዳራዊ፣ ሕጋዊ። ፈተና ላይ አንድ ክስተት ተጽፎ «ይህ ከየትኛው ይመደባል?» ሲባሉ ግን ነጥብ ይጥላሉ። የሚያሳዝነኝ እያወቁት መሳታቸው ነው። ከዚህ በታች ያሉት በየዓመቱ ከእነርሱ የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ናቸው።

ጥያቄው በትክክል የሚጠይቀኝ ምንድን ነው?

ከድርጅቱ ደጅ ውጭ የተከሰተ፣ ድርጅቱ በራሱ ትእዛዝ ሊያስቆመው የማይችል አንድ ለውጥ ይነገራችኋል። የእናንተ ሥራ ለውጡ በባሕርይው ምን ዓይነት እንደሆነ መለየት ነው። ድርጅቱን መጥቀሙን ወይም መጉዳቱን አልተጠየቃችሁም። ድርጅቱ ምን ማድረግ እንዳለበትም ገና አልተጠየቃችሁም፤ እርሱ የሚመጣው በሚቀጥለው ጥያቄ ነው።

አንዳንዶቻችሁ የድሮ ሞጁል ይዛችሁ «እኔ ጋ ያሉት አራት ብቻ ናቸው» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። የሃርቫርዱ ፍራንሲስ አጉይላር በ1967 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ሲያቀርብ የዘረዘራቸው ኢኮኖሚያዊ፣ ቴክኒካዊ፣ ፖለቲካዊና ማኅበራዊ የሚሉትን አራቱን ነበር። ሥነ ምህዳራዊና ሕጋዊ የሚሉት በኋላ የተጨመሩ ናቸው። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ሕጋዊ የሚለው ክፍል ከፖለቲካዊው ተቆርሶ የወጣ በመሆኑ ሁለቱ እስከ ዛሬ ድንበራቸው የተነካካ ነው። ተማሪ ሲሳሳት የምናየውም ብዙውን ጊዜ እዚሁ ድንበር ላይ ነው።

ዓረፍተ ነገሩን እንዴት ላንብበው?

አንድ ጥያቄ ብቻ ይዛችሁ አንብቡ፦ ምን ተለወጠ?

የአማርኛ ዓረፍተ ነገር አሠራር እዚህ ላይ ያግዛል። ፈተና አዘጋጅ ሲጽፍ ለውጡን ያስቀድምና «በመሆኑ»፣ «የተነሳ»፣ «ምክንያት» ብሎ ውጤቱን ያስከትላል። «የብር የምንዛሪ ተመን በመውረዱ የተነሳ ድርጅቱ ሠራተኛ ቀንሷል» ከተባለ፣ የሚመደበው ከ«የተነሳ» በፊት ያለው ነው። ሠራተኛ መቀነሱ ድርጅቱ የሰጠው ምላሽ ስለሆነ ከስድስቱ ውስጥ ቦታ የለውም። ተማሪዎቼን እርሳስ አንሥተው ከ«የተነሳ» በፊት ያለውን እንዲያሰምሩበት፣ ከእርሱ በኋላ ያለውን በጣታቸው እንዲሸፍኑት አደርጋለሁ። ልማዱ ልጅነት ቢመስልም በጣት የተሸፈነ ነገር አያሳስትም።

አንዳንዴ ሰንሰለት ይመጣል፦ «ድርቅ በመከሰቱ የማሽላ ዋጋ ስለናረ የጠላ ጠማቂዎች ገቢ ቀንሷል።» እዚህ ሁለት ምክንያት አለ። የጥያቄውን የመጨረሻ መስመር ተመልከቱ። «የዋጋው መናር ከየትኛው ነው?» ካለ ኢኮኖሚያዊ ነው። «ድርቁ ከየትኛው ነው?» ካለ ሥነ ምህዳራዊ ነው። ዝም ብሎ «የተገለጸው ክስተት» ካለ ከሰንሰለቱ ራስ ያለውን፣ ማለትም ድርቁን ያዙ።

ፖለቲካዊና ሕጋዊን እንዴት ልለያቸው?

በዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንቆይ፤ ከሁሉም የሚበልጠው ስሕተት ያለው እዚህ ነው።

ፖለቲካዊ የሚባለው የሥልጣን፣ የሐሳብ አቅጣጫና የመረጋጋት ጉዳይ ነው፤ መንግሥት ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚመራ፣ አገር ሰላም ነው ወይ የሚለው። ሕጋዊ የሚባለው ደግሞ የተጻፈና የጸና ግዴታ ነው፤ ብትጥሱት የሚያስቀጣችሁ፣ ፍርድ ቤት የሚያቆማችሁ።

አንድ ሐሳብ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበትን ቦታ አስቡት። በፌደራል ደረጃ ረቂቅ ይዘጋጃል፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያየዋል፣ ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይመራል፣ ቋሚ ኮሚቴ ይመረምረዋል፣ ይጸድቃል፣ በነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል። እስከ መጽደቁ ድረስ ያለው መንገድ ሁሉ ፖለቲካዊ ነው፤ ሊቀየር፣ ሊዘገይ፣ ሊቀር ይችላል። ከጸደቀ በኋላ ሕጋዊ ሆኗል። በእኛ ክልልም እንዲሁ ነው፤ የክልሉ ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅ በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ይወጣል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብና የመሥሪያ ቤቶች መመሪያም ግዴታ ስለሚጥሉ ሕጋዊ ናቸው።

ስለዚህ ግሡን ተመልከቱ። «አቅጣጫ አስቀመጠ»፣ «ለማበረታታት አቅዷል»፣ «እየመከረበት ነው»፣ «ቃል ገባ» የሚሉት ወደ ፖለቲካዊ ይመራሉ። «ደነገገ»፣ «አጸደቀ»፣ «ይከለክላል»፣ «ያስቀጣል» የሚሉት ወደ ሕጋዊ ይመራሉ።

ይህን የተማርኩት በራሴ ስሕተት ነው። ከዓመታት በፊት ባዘጋጀሁት ፈተና ላይ «መንግሥት ከመጪው ዓመት ጀምሮ ሥራ ላይ የሚውል የማሸጊያ አዋጅ አጽድቋል» የሚል ጥያቄ ነበር። «መንግሥት» የሚለውን ቃል አይቼ መልሱን ፖለቲካዊ ብዬ ያዝኩ፤ ሕጋዊ ያሉትን ሁሉ በቀይ አረምኩ። ሐይቅ ከተማ የምትኖር አንዲት ተማሪ ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቃ ወረቀቷን ይዛ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች። ምንም አልተከራከረችኝም። «መምህር፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» አለችና ጣቷን «አጽድቋል» ከሚለው ቃል ሥር አሳረፈች። ቃሉን አየሁት። ልክ ነበረች። ያን ሌሊት የሁሉንም ወረቀት እንደገና አረምኩ። ከዚያ ወዲህ የጥያቄን መልስ ከመወሰኔ በፊት የመጨረሻውን ግሥ ሳላነብ አልፌ አላውቅም።

እዚያው ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ሕግ የወጣበት ዓላማ ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠውን ፈቃድ ከ60 ቀን ወደ 90 ቀን አሳድጎታል። ጥያቄው ይህን ቢያቀርብ፣ ጉዳዩ የእናቶችና የሕፃናት ስለሆነ ብዙዎች ማኅበራዊ ይላሉ። የተለወጠው ግን ሕጉ ነው። በኮምቦልቻ የልብስ ስፌት ፋብሪካ አብዛኞቹ ሠራተኞች ሴቶች ቢሆኑና አሠሪው የሰው ኃይል ዕቅዱን ቢቀይር እንኳ፣ የሚቀይረው አዋጁ ስለሚያስገድደው ነው። የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ የከለከለው አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም እንዲሁ ሕጋዊ ነው፤ ዓላማው ጤና መሆኑ ወደ ማኅበራዊ አይወስደውም።

ጦርነትና አለመረጋጋትስ?

ፖለቲካዊ ነው። ይህን ጥያቄ በእኛ አካባቢ ሳስተምር ጥንቃቄ አደርጋለሁ፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ክፍሉ ውስጥ ካሉት መካከል ንብረቱን ያጣ፣ ቤተሰቡን ይዞ የተሰደደ አለ። ያ ሰው ክስተቱን ማኅበራዊ ወይም ኢኮኖሚያዊ ብሎ ቢመልስ ከልቡ ነው፤ የቀመሰው ኪሣራና መለያየት ነውና። ምደባው ግን የሚሄደው በተፈጠረው ለውጥ ነው። የተለወጠው ሰላምና የመንግሥት መዋቅር ስለሆነ ፖለቲካዊ ይባላል። የመንገድ መዘጋት፣ የፋብሪካ መዘረፍ፣ የሥራ መቆም ከእርሱ የተከተሉ ናቸው።

ሁሉም ነገር መጨረሻው ገንዘብ አይደለም ወይ? ታዲያ ሁሉም ኢኮኖሚያዊ አይሆንም?

አይሆንም፤ ጥያቄው ግን ጥሩ ነው። ንግድ ስለሆነ ማንኛውም ለውጥ ወይ ወጪ ይጨምራል ወይ ገቢ ይቀንሳል፤ ወይም በተቃራኒው። በውጤቱ የምንመድብ ቢሆን አምስቱ ክፍሎች ባዶ ሆነው ይቀሩ ነበር። ኢኮኖሚያዊ የምንለው ለውጡ ራሱ በአጠቃላይ ኢኮኖሚው ውስጥ ሲሆን ነው፦ የዋጋ ንረት፣ የወለድ መጠን፣ የምንዛሪ ተመን፣ ሥራ አጥነት፣ የሰዎች ገቢ።

ሁለት ጎረቤት ምሳሌዎች ልስጣችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ጥያቄው «የብር ዋጋ በመውረዱ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ተወደደ» ካለ፣ የተለወጠው ተመኑ ነውና ኢኮኖሚያዊ ነው። ውሳኔውን የወሰነው መንግሥት መሆኑ አያስታችሁ።

ሁለተኛው፦ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ያሉ ልብስ ላኪዎች አጎዋ በሚባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ዕድል ይጠቀሙ ነበር። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ ከዕድሉ ተሰረዘች። ውጤቱ ንጹሕ ገንዘብ ነው፤ ቀረጥ ተጨመረ፣ ትእዛዝ ቀነሰ። ለውጡ ግን የአሜሪካ መንግሥት ከጦርነቱና ከሰብአዊ መብት ጋር አያይዞ የወሰደው የንግድ ፖሊሲ እርምጃ ነው። ስለዚህ ፖለቲካዊ ነው። በአገሮች መካከል ያለ ግንኙነት፣ ማዕቀብና የንግድ ገደብ በአብዛኛው የመማሪያ መጻሕፍት በፖለቲካዊ ሥር ነው የሚገኙት።

ሁለቱን ጎን ለጎን ስታዩ ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል። በመጀመሪያው ጥያቄው የነገራችሁ ስለ ተመኑ ነው፤ በሁለተኛው የነገራችሁ ስለ ውሳኔው ነው። የመጀመሪያውን «መንግሥት የምንዛሪ ፖሊሲውን ለገበያ ክፍት ለማድረግ ወሰነ» ብሎ ቢጽፈው መልሱ ወደ ፖለቲካዊ ያዘነብል ነበር።

«አካባቢ» የሚለው ቃል ግራ ያጋባኛል። ሁሉም አካባቢ አይደለም ወይ?

ግራ መጋባቱ የቃሉ ነው። «የውጭ አካባቢ ቅኝት» ስንል አካባቢ ማለት ድርጅቱን ከውጭ የከበበው ሁሉ ነው፤ ስድስቱንም ይይዛል። ከስድስቱ አንዱ የሆነው ደግሞ የተፈጥሮ አካባቢ ነው፦ አየር፣ ውሃ፣ አፈር፣ ዝናብ፣ በሽታ አምጪ ነፍሳት። ለዚህ ነው እኔ «ሥነ ምህዳራዊ» የሚለውን ቃል የምመርጠው። የናንተ ሞጁል «አካባቢያዊ» ካለ ያው እርሱ ነው።

እዚህ የሚሠራው ፈተና ቀላል ነው፦ የተለወጠው ተፈጥሮ ነው ወይስ ሰው ስለ ተፈጥሮ የያዘው አቋም? በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የበረሃ አንበጣ ራያ ቆቦ ላይ ማሽላውን ሲበላ፣ ያ ሥነ ምህዳራዊ ነው። ፋብሪካ ፍሳሹን ሳያጣራ ወደ ወንዝ እንዳይለቅ የሚያዝ ሕግ ቢወጣ ግን ሕጋዊ ነው፤ ስለ ወንዝ ቢያወራም። ደንበኞች ፕላስቲክ ማሸጊያ ጠልተው የወረቀት ቢፈልጉ ማኅበራዊ ነው፤ የተለወጠው የሰዎች አመለካከት ነውና። በአፈር ውስጥ የሚበሰብስ አዲስ ማሸጊያ ቢሠራ ቴክኖሎጂያዊ ነው። አራቱም ዓረፍተ ነገሮች «አካባቢ» የሚለውን ቃል ሊይዙ ይችላሉ፤ ሥነ ምህዳራዊ የሆነው አንዱ ብቻ ነው።

አንድን ዜና በስድስቱም ማየት ይቻላል?

ዜናን ይቻላል፤ ዓረፍተ ነገርን ግን አይቻልም። ይህ ልዩነት ሲገባችሁ ግማሹ ችግር ይወገዳል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ሲነገር፣ በክፍሌ ይህን ዜና ይዘን አንድ ማታ ሙሉ ተጫወትንበት። ከደሴ ኮምቦልቻ እየተመላለሰ ሰው የሚያጓጉዝ አንድ ድርጅት አሰብን። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ደሴ ተነሥቶ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ሲመለስ ያንኑ ሁሉ ይወጣል።

«መንግሥት የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ለማስፋፋት አቅጣጫ ይዟል» ብለን ስንጽፈው ፖለቲካዊ ሆነ። «በነዳጅ የሚሠራ መኪና ማስገባት ክልክል ነው፤ የተያዘ ጉምሩክ ላይ ይቀራል» ስንለው ሕጋዊ ሆነ። «የነዳጅ ዋጋ ጨመረ» ኢኮኖሚያዊ። «አዲሱ ባትሪ አንዴ ተሞልቶ ዳገቱን ደጋግሞ ይወጣል» ቴክኖሎጂያዊ። «ተሳፋሪዎች ጭስና ጩኸት የሌለውን መኪና መምረጥ ጀምረዋል» ማኅበራዊ። «ከባድ ዝናብ የተራራውን አፈር እያንሸራተተ መንገዱን ይዘጋል» ሥነ ምህዳራዊ። የመጨረሻዋን የጻፈው የዚያ መስመር ሹፌር የሆነ ተማሪ ነው፤ ያ መንገድ ክረምት ላይ ምን እንደሚያደርግ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

ማኅበራዊና ቴክኖሎጂያዊን የሚለያቸው ምንድን ነው?

አዲስ መሣሪያ ወይም አሠራር መፈጠሩ ቴክኖሎጂያዊ ነው፤ የሰዎች ልማድ፣ እምነት፣ የሕዝብ ቁጥርና የኑሮ ዘይቤ መለወጡ ማኅበራዊ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር ለነጋዴው የመጣው ለውጥ ቴክኖሎጂያዊ ነበር። «ወጣት ደንበኞች ጥሬ ገንዘብ መያዝ ትተዋል» ከተባለ ግን ወደ ማኅበራዊ ያዘነብላል። አንዳንድ አራሚ ይህን ሁለተኛውንም ቴክኖሎጂያዊ ብሎ ይይዛል፤ ስለዚህ በጽሑፍ መልስ ላይ «የተለወጠው የደንበኞች ልማድ ስለሆነ» የምትለዋን ምክንያት አትርሱ።

ከስድስቱ አንዱም ያልሆነ ክስተት ሊመጣ ይችላል?

አዎን፤ ሆን ተብሎ ይገባል። ተፎካካሪ ቅርንጫፍ ከፈተ፣ አቅራቢው ዋጋ ጨመረ፣ ትልቁ ደንበኛ ሌላ ጋ ሄደ የሚሉት የቅርቡ የገበያ አካባቢ ናቸው። የሥራ አስኪያጁ መልቀቅ ወይም የማሽን መሰበር የውስጥ ጉዳይ ነው። መለያው፦ ለውጡ በአካባቢው ላሉ ድርጅቶች ሁሉ የሚደርስ ነው ወይስ ለዚህ ድርጅት ብቻ? ድርቅ ለሁሉም ይደርሳል። የአንድ አቅራቢ መክዳት ለአንዱ ብቻ ነው።

አንድ ሙሉ ጥያቄ አብረን እንሥራ?

ይህን ለልምምድ ያዘጋጀሁት ነው፤ ድርጅቱና ቁጥሮቹ የፈጠራ ናቸው።

«ኮምቦልቻ የሚገኝ አንድ የባልትና ድርጅት ሽሮና በርበሬ አሽጎ ለደሴ፣ ለሐይቅና ለወልዲያ ሱቆች ያከፋፍላል። 1) ዘንድሮ ዝናቡ ዘግይቶ በመግባቱ የበርበሬ ምርት ቀንሷል። 2) የብር ምንዛሪ ተመን በመውረዱ ከውጭ የሚመጣው ማሸጊያ ፕላስቲክ አንድ ጥቅል ከ6,000 ብር ወደ 11,000 ብር ደርሷል። 3) ባልና ሚስት ሁለቱም ሥራ ውለው የሚገቡባቸው ቤቶች በመብዛታቸው በርበሬ አስቀንጥሶ ከማስፈጨት ይልቅ የተዘጋጀውን መግዛት እየተለመደ ነው። 4) የማብቂያ ቀን ያልተጻፈበት የታሸገ ምግብ እንዳይሸጥ የሚያዝ መመሪያ ወጥቷል። 5) ከተማ አስተዳደሩ በመሥሪያ ቦታ አሰጣጥ አነስተኛ የምግብ አምራቾችን ለማስቀደም አቅጣጫ ይዟል። 6) የእህልና የቅመም እርጥበት የሚለካ ርካሽ የእጅ መሣሪያ ገበያ ላይ ውሏል። 7) በዚያው ሰፈር ሌላ የባልትና ድርጅት ተከፍቷል።»

1 ላይ «ምርት ቀንሷል» የሚለው ወደ ኢኮኖሚያዊ ይጎትታል። ጣታችሁን አሳርፉበትና የቀረውን አንብቡ፤ የቀረው ዝናብ ነው። ሥነ ምህዳራዊ።

2 ላይ የዋጋው ቁጥር ዓይን ይስባል፤ ከእርሱ በፊት ያለው ግን ተመኑ ነው። ኢኮኖሚያዊ። ጥያቄው ተመኑን ሳይጠቅስ «ማሸጊያ አቅራቢው ዋጋ ጨመረ» ብቻ ብሎ ቢሆን ኖሮ ከስድስቱ ውጭ የሆነ የአቅራቢ ጉዳይ ይሆን ነበር። አንድ ሐረግ ምን ያህል እንደሚለውጥ አስተውሉ።

3 በእኔ ልምድ ከሰባቱ ይልቅ የሚከፋፍል ነው። ሁለት ደመወዝ ሲገባ ገቢ ይጨምራል ብሎ ኢኮኖሚያዊ የሚል አይጠፋም፤ አስተሳሰቡም የተማረ ሰው አስተሳሰብ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ግን ስለ ገቢ አላወራም። ያወራው እናቶቻችን በረንዳ ላይ ሰሌን ዘርግተው የበርበሬ ዛላ ሲቀነጥሱ የነበረው ልማድ እየቀረ ስለመሆኑ ነው። የቤት ውስጥ አኗኗር ተለወጠ። ማኅበራዊ።

4 «እንዳይሸጥ የሚያዝ» እና «ወጥቷል» ስለሚል ሕጋዊ ነው፤ 5 «አቅጣጫ ይዟል» ስለሚል ፖለቲካዊ ነው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጥኩት ግሡን እንድታነጻጽሩ ነው።

6 ቴክኖሎጂያዊ ነው። የባልትና ሥራ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሚጠቅም ወዲያው ይገባዋል፤ ሳይደርቅ የታሸገ በርበሬ ሻጋታ ያወጣል፣ ሻጋታውም ለጤና የሚያሰጋ መርዝ ሊፈጥር ይችላል፣ በእጅ ዳስሶ መገመት ደግሞ አያስተማምንም። ይህ ሁሉ የጤና ጉዳይ ሆኖ ወደ ማኅበራዊ አይሂድባችሁ፤ የተለወጠው መሣሪያው ነው።

7 የትም አይመደብም። ተፎካካሪ ነው።

በጽሑፍ መልስ ላይ ምን ያህል ልጻፍ?

ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። መጀመሪያ የክፍሉን ስም፣ ቀጥሎ ከጥያቄው የተወሰደውን ለውጥ በ«ምክንያቱም» አስሩት፦ «ሥነ ምህዳራዊ ነው፤ ምክንያቱም የተለወጠው የዝናብ ወቅት ነው።» ተጽዕኖውን ከተጠየቃችሁ በሦስተኛ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፤ «የበርበሬ አቅርቦት ስለሚቀንስ የጥሬ ዕቃ ወጪ ይጨምራል።» ሁለቱን አትቀላቅሉ። «ዝናብ ዘግይቶ ወጪ ስለጨመረ ሥነ ምህዳራዊና ኢኮኖሚያዊ ነው» ብሎ ሁለት ክፍል መጥራት እንደ ጥንቃቄ ይቆጠራል ብለው የሚያስቡ አሉ። አራሚው የሚያነበው አለመወሰን ነው። ጥያቄው ራሱ «አንድ ወይም ከአንድ በላይ» ካላለ በቀር አንዱን ምረጡና ምክንያቱን አቁሙለት። የጻፋችሁት ምክንያት ከተገለጸው ለውጥ ጋር ከተያያዘ፣ ከአራሚው መልስ ብትለዩ እንኳ የምትከራከሩበት መሬት አላችሁ፤ አብሽሩ።

ታክስ የት ነው የሚገባው?

ይህ መጻሕፍቱ ራሳቸው ያልተስማሙበት ነው። ብዙዎቹ የታክስ ፖሊሲን ከፖለቲካዊ ይመድቡታል፤ አንዳንዶቹ ከኢኮኖሚያዊ። የታክስ አዋጅ ደግሞ አዋጅ ስለሆነ ሕጋዊ የሚል አይጠፋም። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ፦ ጥያቄው የመንግሥትን ውሳኔ ወይም ዓላማ ካነሣ ፖለቲካዊ፣ የሸማቹን የመግዛት አቅም ካነሣ ኢኮኖሚያዊ፣ ነጋዴው ደረሰኝ የመቁረጥ ወይም በተወሰነ ቀን የማሳወቅ ግዴታ እንዳለበትና ካላደረገ እንደሚቀጣ ካነሣ ሕጋዊ። ሐረጉ ባዶ ሆኖ «መንግሥት ታክስ ጨመረ» ብቻ ካለ የሞጁላችሁን ሰንጠረዥ ክፈቱና «ታክስ» የሚለው ቃል በየትኛው ሥር እንደተጻፈ እዩ። ፈተናውን የሚያወጣው መምህር ያንኑ ሰንጠረዥ ይዞ ነው የሚያርመው፤ በዚህ አንድ ነጥብ ላይ እርሱን ተከተሉ።